የሥነ ዜጋ አጭር መልስ፦ ትርጉሙን አጥርቶ ልክ የሆነ አንድ ምሳሌ መስጠት

"ተጠያቂነት ምን ማለት ነው? በአንድ ምሳሌ አስረዱ። (2 ማርክ)"

በሥነ ዜጋ ፈተና ላይ ከእውነት ሐሰቱና ከምርጫው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቃሉን በሬዲዮም በስብሰባም ያልሰማ የለም። ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስ ግን ከጎኑ ግማሽ ወይም አንድ ማርክ ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ ተማሪውም "ትክክል ጽፌ ለምን ተቀነሰብኝ?" ብሎ መምህሩ ዘንድ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የጻፈው ስሕተት አይደለም። የተቀነሰበት፣ ስለ ተጠያቂነት ብሎ የጻፈው ስለ ግልጽነትም፣ ስለ ኃላፊነትም፣ ስለ መልካም አስተዳደርም ሊጻፍ የሚችል ስለሆነ ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚመልሱት ያሳያል። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከኢትዮጵያ የሥነ ዜጋ ትምህርትና ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው።

ማርኩ እንዴት ይከፋፈላል?

ባለ 2 ማርክ ጥያቄ በተለምዶ አንዱን ማርክ ለትርጉሙ፣ አንዱን ለምሳሌው ይሰጣል። ባለ 3 ማርክ ከሆነ ሦስተኛው ምሳሌው ከትርጉሙ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለሚያሳየው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ጉልበትን ለመመደብ ነው። ትርጉሙን በስድስት መስመር አስፍቶ ምሳሌውን የዘለለ ተማሪ፣ ስድስቱም መስመር ልክ ቢሆን ከአንድ ማርክ አያልፍም።

ከ30 እስከ 45 ቃላት፣ ማለትም ሦስት ዓረፍተ ነገር ያህል ይበቃል። አንደኛው ትርጉም፣ ሁለተኛው ምሳሌ፣ ሦስተኛው ማያያዣ ነው። ለማሰብና ለመጻፍ አራት ደቂቃ ያህል መድቡ፤ ከዚያ በላይ ከፈጀ ከሌላ ጥያቄ እየተበደራችሁ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ጥያቄው የጠየቀውን ብቻ ማንበብ

በጥያቄው ውስጥ ሁለት ነገር ላይ መስመር አስምሩ፤ በሚተረጎመው ቃልና በትዕዛዙ ላይ። "ግለጹ" ሲል ትርጉም ይበቃል። "ዘርዝሩ" ሲል ስሞቹን ይፈልጋል እንጂ ማብራሪያ አይፈልግም። "አነጻጽሩ" ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። "በምሳሌ አስረዱ" ሲል ግን ትርጉም የሚል ቃል ባይኖርበት እንኳ ትርጉሙን ይጠብቃል፤ ምን እንደሆነ ያልተነገረን ነገር በምሳሌ ማስረዳት አይቻልምና።

"አንድ ምሳሌ" ሲል አንድ ነው። ሦስት ምሳሌ ደርድሮ "አንዱ አይጠፋም" ማለት የተለመደ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ብዙ አራሚዎች የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ተማሪው ጽንሰ ሐሳቡን እንዳልለየ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ወገኑንና መለያውን ማግኘት

ጥሩ ትርጉም ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ነገሩ ከምን ወገን እንደሆነ ይናገራል፤ ቀጥሎ ከወገኖቹ በምን እንደሚለይ ያሳያል። ጀበናን እናስብ። "ጀበና የሸክላ ዕቃ ነው" ብንል ወገኑን ተናገርን፤ እንስራም፣ ድስትም፣ ምጣድም ግን አብረው ገቡ። "ጀበና ቡና የሚፈላበት፣ አንገቱ ቀጠን ያለ የሸክላ ዕቃ ነው" ስንል እንስራውና ምጣዱ ወጡ፤ ጀበናው ብቻ ቀረ። የሥነ ዜጋ ትርጉምም የሚጻፈው እንዲሁ ነው።

ወገኑን ለማግኘት "ይህ ነገር መብት ነው? ግዴታ ነው? መርሕ ነው? ሥርዓት ነው? ተቋም ነው? ድርጊት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ተጠያቂነት ግዴታ ነው። የሕግ የበላይነት መርሕ ነው። ፌዴራሊዝም የመንግሥት አወቃቀር ሥርዓት ነው። ሙስና ድርጊት ነው፤ "ሙስና የሀገር ችግር ነው" ብሎ የጀመረ ሰው አስተያየት ሰጠ እንጂ ትርጉም አልጀመረም። "ነገር" እና "ሁኔታ" የሚሉትን ቃላት በወገንነት አትጠቀሙባቸው። ሁሉም ነገር "ሁኔታ" ነው፤ ስለዚህ ምንም አይለዩም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተማሪን በተለይ የሚያጠምድ ወጥመድ አለ። የሥነ ዜጋ ቃሎቻችን ብዙዎቹ ከተለመዱ ቃላት የተገጣጠሙ ስለሆኑ፣ ግጥምጥሙን መልሶ መፍታት ትርጉም የሰጠን ያስመስለናል። "የሕግ የበላይነት ማለት ሕግ የበላይ ሲሆን ነው።" "ግልጽነት ማለት ግልጽ መሆን ማለት ነው።" "ተጠያቂነት ማለት መጠየቅ መቻል ነው።" እነዚህ ሁሉ ጥያቄውን ገልብጠው ደገሙት እንጂ አልመለሱትም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የሚተረጎመውን ቃል ሥር ከትርጉሙ ውስጥ አውጡትና የቀረው ዓረፍተ ነገር ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ እዩ። "ተጠያቂነት" ሲተረጎም "ጠየቀ" የሚለው ግሥ በምንም መልኩ ባይገባ ይመረጣል።

"ሲሆን ነው" የሚለው አጨራረስም ይህንኑ በሽታ ያመጣል። "ዴሞክራሲ ማለት ሰዎች ሲመርጡ ነው" ያለ ሰው ዴሞክራሲ መቼ እንደሚታይ ነገረን እንጂ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ዓረፍተ ነገሩን በወገኑ ስም ዝጉት፤ "...ሥርዓት ነው"፣ "...መርሕ ነው"፣ "...ግዴታ ነው"።

3ኛ ደረጃ፦ ጎረቤቱን መጥራት

ማርክ የሚጠፋው በብዛት እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ የሥነ ዜጋ ቃል አጠገቡ የሚኖር፣ የሚመስለው ቃል አለው። የተጠያቂነት ጎረቤት ግልጽነት ነው። የሕግ የበላይነት ጎረቤት ለሕግ መታዘዝ ነው። የሰብአዊ መብት ጎረቤት ዴሞክራሲያዊ መብት ነው። የሕገ መንግሥት ጎረቤት ሕገ መንግሥታዊነት ነው።

ትርጉሙን በልባችሁ ከያዛችሁ በኋላ የሚተረጎመውን ቃል አንሡና በቦታው ጎረቤቱን አስገቡ። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ልክ ከሆነ መለያው ገና አልገባም። "ተጠያቂነት ማለት ባለሥልጣናት ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት መርሕ ነው" የሚለውን እንፈትን። "ግልጽነት ማለት ባለሥልጣናት ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት መርሕ ነው"፤ እንዲያውም ይሻላል! ስለዚህ የተጻፈው የጎረቤቱ ትርጉም ነበር።

4ኛ ደረጃ፦ ምሳሌውን መምረጥ

ምሳሌ ማለት አንድ የተደረገ ወይም ሊደረግ የሚችል ነገር ነው። አድራጊ አለው፣ ድርጊት አለው፣ ውጤትም አለው። ይህን ከያዝን ምሳሌ የሚመስሉ ሦስት ነገሮችን መለየት ይቻላል።

አንዱ ትርጉሙን በሀገር ስም መድገም ነው፦ "ለምሳሌ በኢትዮጵያ ተጠያቂነት ያስፈልጋል።" እዚህ ውስጥ አድራጊም ድርጊትም የለም። ሌላው የተቋም ስም መጥራት ነው፦ "ለምሳሌ፦ ዋና ኦዲተር።" ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው፤ የተጠያቂነት ምሳሌ የሚሆነው ሲሠራ ነው። ሦስተኛው ተረት መጥቀስ ነው። "በሕግ አምላክ" የሚለው አባባል ስለ ሕግ ያለንን አክብሮት ያሳያል፤ ለጽሑፍም ያምራል። ነገር ግን ማን ምን እንዳደረገ ስለማይናገር ብቻውን የምሳሌውን ማርክ አያመጣም።

እውነተኛ ክስተት መጠቀም ግዴታ አይደለም። "የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ኃላፊ..." ብሎ መጀመር ይቻላል፤ አስተማማኝም ነው። እውነተኛ ክስተት ከመረጣችሁ ዓመቱንና የመሥሪያ ቤቱን ስም በርግጥ የምታውቁት ይሁን። የሕገ መንግሥት አንቀጽ ቁጥርም እንደዚሁ ነው፤ ልክ ከሆነ ምሳሌውን ያጠነክራል፣ ከተሳሳተ ግን አራሚው ሳይፈልግ ዓይኑ ያርፍበታል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ "በሕገ መንግሥቱ መሠረት" በሉና እለፉ።

አከራካሪ የፖለቲካ ጉዳይን በምሳሌነት አለማንሣት ይሻላል። ምክንያቱ የአጻጻፍ ነው፤ ምሳሌው የሚሠራው አራሚው በጉዳዩ ላይ ከእናንተ ጋር ሲስማማ ብቻ ከሆነ ትርጉሙን ማስረዳቱ ቀርቶ ክርክር ይሆናል።

5ኛ ደረጃ፦ ማሰር

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከትርጉሙ አንድ ቁልፍ ቃል አንሥቶ በምሳሌው ውስጥ የት እንዳለ ያሳያል። "ይህም ተጠያቂነትን ያሳያል" ብሎ መዝጋት ማሰር አይደለም፤ አራሚው ማወቅ የሚፈልገው ከምሳሌው ውስጥ የትኛው ነጥብ እንደሚያሳየው ነው። ጥያቄው ባለ 2 ማርክ ሲሆን እንኳ ይህን አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ማሰሪያው ከከበዳችሁ ምሳሌው የጎረቤት መሆኑን ያን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ለማረምም ጊዜ ታገኛላችሁ።

አንድ ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ወደ ተጠያቂነት እንመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሁለቱን ጎረቤቶች አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይናገራል። ሁለተኛው፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ሦስተኛው ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይገልጻል። ተማሪዎች ሁለቱን የሚያቀላቅሉት ሁልጊዜ አብረው ስለሚጠሩ ነው፤ አንቀጹ ራሱ ግን በየረድፉ ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ግልጽነት ማሳየት ነው፤ ተጠያቂነት መልስ መስጠትና የጥፋትን ዋጋ መቀበል ነው።

ስለዚህ ወገኑ ግዴታ ነው። የማን ግዴታ? ሥልጣን የተሰጠው ሰው ወይም አካል። ምን ለማድረግ? ለሠራው ሥራ ማብራሪያ ለመስጠትና ጥፋት ሲገኝበት ውጤቱን ለመቀበል። መለያው የመጨረሻው ነው፤ ግልጽነት ያለ ቅጣት ሊኖር ይችላል፣ ተጠያቂነት ግን ውጤት ከሌለው ጎዶሎ ነው።

አሁን ምሳሌ እንፈልግ። መጀመሪያ አእምሮ ላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦

"ለምሳሌ የአንድ ወረዳ አስተዳደር የዓመቱን በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ።"

አድራጊ አለው፣ ድርጊት አለው። ነገር ግን የጎረቤቱን ፈተና አያልፍም። ሰሌዳው ላይ መለጠፍ ማሳየት ነው፤ ማንም አልተጠየቀም፣ ማንም መልስ አልሰጠም። ልክ የሆነ የግልጽነት ምሳሌ ለተጠያቂነት ቀርቧል። ሌላ እንሞክር፦

"ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ሚዛን አጭበርብሮ ተቀጣ።"

ቅጣት አለ፤ ነገር ግን ሰውየው በሥልጣኑ አልተጠየቀም፤ ማንኛውም ሕግ የጣሰ ሰው የሚቀጣውን ነው የተቀጣው። የሥነ ዜጋ ጥያቄ የሚፈልገው የባለሥልጣኑን ጉዳይ ነው። እንግዲህ ሁለቱን እናገናኝ፤ አድራጊው ሥልጣን ያለው ይሁን፣ ድርጊቱም መልስ መስጠትና ውጤት መቀበል ይኑርበት።

"ተጠያቂነት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ወይም አካል ላከናወነው ሥራ ማብራሪያ የመስጠትና ጥፋት ሲገኝበት ውጤቱን የመቀበል ግዴታ ነው። ለምሳሌ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ያለ ደረሰኝ ወጪ ማድረጉ በኦዲት ሲገኝ፣ ምክር ቤት ቀርቦ ምክንያቱን አስረዳ፤ አጥጋቢ ምክንያት ስላልነበረውም ከኃላፊነቱ ተነሣ። ምክር ቤት ቀርቦ ማስረዳቱ ማብራሪያ መስጠት፣ ከቦታው መነሣቱ ደግሞ ውጤቱን መቀበል ነው።"

ከ45 ቃላት ጥቂት በለጠ፤ ጊዜ ካለ ችግር የለውም። ጊዜ ካጠረ ደግሞ "አጥጋቢ ምክንያት ስላልነበረውም" የሚለው ሊወጣ ይችላል። ማያያዣው ከትርጉሙ ሁለቱንም ቁልፍ ሐረጎች አንሥቶ ቦታቸውን አሳይቷል። ምሳሌው በሀገራችን አሠራርም መሠረት አለው፤ በአንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል ዋና ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው።

አጠር ያለ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከራሱ ከአንቀጽ 12 ሦስተኛውን ንዑስ አንቀጽ መውሰድ ይችላል፤ መራጮች እምነት ያጡበትን ተወካይ በሕግ በተወሰነው መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ ሲያነሡት። እዚህ አድራጊው ሕዝብ ነው፣ ውጤቱም በአንድ ግሥ ተነግሯል።

የሕግ የበላይነት፦ አድራጊው ሲሳሳት

"የሕግ የበላይነትን በምሳሌ አስረዱ" ለሚለው በብዛት የሚጻፈው "ዜጎች ግብር በወቅቱ ሲከፍሉ" ወይም "እግረኛ በዜብራ ሲሻገር" ነው። ሁለቱም ለሕግ መታዘዝ ናቸው። አምባገነን ሥርዓት ውስጥም ሰው ግብር ይከፍላል፣ በዜብራም ይሻገራል። የሕግ የበላይነት መለያው ሕግ የሚያወጣውና የሚያስፈጽመውም ራሱ ከሕግ በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ የምሳሌው አድራጊ ሥልጣን ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ተራ ዜጋ ከሆነ ምሳሌው ሳይጀመር ወድቋል።

አባቶቻችን "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲሉ የዚህን ተቃራኒ በትክክል ገልጸውታል። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም የማይነቀፍ መሆኑን ይናገር ነበር። ሀገሪቱ ከ1923 ጀምሮ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ነበራት፤ ቢሆንም የበላዩን ሰው ከሕግ በታች የሚያደርግ አልነበረም። ይህም "ሕገ መንግሥት ከሕገ መንግሥታዊነት በምን ይለያል?" የሚለውን ጥያቄ ለመመለስም የሚያገለግል ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕገ መንግሥት ሰነዱ ነው፤ ሕገ መንግሥታዊነት የመንግሥት ሥልጣን በዚያ ሰነድ በእውነት የሚገደብበት አሠራር ነው።

ለሕግ የበላይነት ልክ የሚሆን መልስ እንዲህ ይጻፋል፦

"የሕግ የበላይነት መንግሥትና ባለሥልጣናቱን ጨምሮ ማንም ከሕግ በላይ እንዳይሆንና ሁሉም በሕግ ፊት እኩል እንዲታይ የሚያደርግ መርሕ ነው። ለምሳሌ ፖሊስ የያዘውን ተጠርጣሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ዳኛው እንዲለቀቅ ሲያዝም ፖሊስ ለቀቀው። ሥልጣንና መሣሪያ የያዘው ፖሊስ ራሱ ለሕግና ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገዝቷል።"

48 ሰዓቱ ከአንቀጽ 19 የመጣ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርበትም። "ዳኛው እንዲለቀቅ ሲያዝ" የምትለዋ ሐረግ ወሳኝ ናት። እሷ ከሌለች ምሳሌው ፖሊስ መደበኛ ሥራውን መሥራቱን ብቻ ያሳያል፤ እሷ ስትገባ ሥልጣን ለሕግ ሲገዛ ይታያል።

አሜሪካ ለሚኖሩና ለዜግነት ፈተና ለሚዘጋጁ ወገኖችም ይኸው ጥያቄ አለ፤ "የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?" ለረጅም ጊዜ ባገለገለው የጥያቄ ዝርዝር ከተቀመጡት መልሶች ውስጥ መሪዎች ሕግን ማክበር አለባቸው፣ መንግሥት ሕግን ማክበር አለበት፣ ማንም ከሕግ በላይ አይደለም የሚሉት ይገኛሉ። መለያው እዚያም ያው ነው። እዚያ ግን ፈተናው በቃል ስለሆነ አንዱን አጭር መልስ መናገር ይበቃል፤ ምሳሌ መጨመር አያስፈልግም።

የሥልጣን ክፍፍል፦ አንድ ስም፣ ሁለት ቤት

በአማርኛ "የሥልጣን ክፍፍል" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ልንል እንችላለን። አንደኛው ሥልጣን በሕግ አውጪው፣ በሕግ አስፈጻሚውና በሕግ ተርጓሚው መካከል መለየቱ ነው። ሁለተኛው ሥልጣን በፌዴራል መንግሥቱና በክልሎች መካከል መከፋፈሉ ነው። ጥያቄው የትኛውን እንደፈለገ የሚታወቀው ከአጠገቡ ካሉት ቃላት ነው። "በመንግሥት አካላት" የሚል ካለ የመጀመሪያው ነው፤ "ክልል" ወይም "ፌዴራሊዝም" የሚል ካለ ሁለተኛው። ሁለቱም ከሌሉ በየትኛው ምዕራፍ ሥር እንደተማራችሁት አስታውሱና በመልሳችሁ መጀመሪያ ላይ "በሦስቱ የመንግሥት አካላት መካከል" ብላችሁ የመረጣችሁትን ግለጹ።

ለሁለተኛው ቤት ምሳሌ ማግኘት አያስቸግርም፤ የሀገር መከላከያ የፌዴራሉ ሥልጣን ሲሆን፣ ክልል ደግሞ የራሱን ሕገ መንግሥት ያወጣል። ያሉት አድራጊዎች ሁለት ናቸው፣ ሥራቸውም የተለያየ ነው፤ በዚህ ያበቃል።

የመጀመሪያው ቤት ግን ከውጭ በተቀዱ ምሳሌዎች የተሞላ ነው። "ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው" የሚል ምሳሌ ለአሜሪካ ልክ ነው፤ ለኢትዮጵያ ሲጻፍ ግን ስሕተት ይሆናል። እዚህ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። "አስፈጻሚው የፓርላማ አባል መሆን አይችልም" የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው። በአንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው፤ ሚኒስትሮችም ከምክር ቤቶቹ አባላት ወይም ከሌሎች ብቁ ሰዎች ሊታጩ ይችላሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ምሳሌ የሚሠራው የሰዎቹን መለያየት ሳይሆን የሥራዎቹን መለያየት ሲያሳይ ነው።

ሌላ የሚያሳስት ጎረቤትም አለ፤ እርስ በርስ የመቆጣጠር አሠራር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ ይኖርበታል። ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን የሚያሳየው አንዱ አካል ሌላውን ሲቆጣጠር ነው። ለክፍፍሉ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው፦ ምክር ቤቱ የግብር አዋጅ አወጣ፣ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በአዋጁ መሠረት ግብር ሰበሰበ፣ ግብር ከፋዩ "ያለ አግባብ ተወሰነብኝ" ብሎ ክርክር ሲያነሣ ፍርድ ቤት ወሰነ። አንድ ጉዳይ በሦስት እጅ አለፈ፤ እያንዳንዱ እጅ የየራሱን ሥራ ብቻ ሠራ።

ለፈተናው መለማመድ

የማስታወሻ ካርድ ወይም የደብተር ገጽ ውሰዱና አራት ዓምድ አስምሩ፤ ቃሉ፣ ወገኑ፣ ጎረቤቱ፣ ምሳሌው። ለአንድ ምዕራፍ ስምንት ወይም አሥር ቃል ይበቃል። "ጎረቤቱ" የሚለውን ዓምድ ባዶ አትተዉት፤ ጎረቤት ያላገኛችሁለት ቃል ገና ያልገባችሁ ቃል ነው። ከዚያ ምሳሌዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑና ጓደኛችሁ አንዱን ምሳሌ ብቻ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ የትኛው ቃል እንደሆነ መገመት ካቃታችሁ፣ ወይም ሁለት ቃል ከጠራችሁ፣ ምሳሌው መቀየር አለበት። ይህ ልምምድ ትርጉም ከመሸምደድ ይልቅ ያደክማል፤ ግን አራሚው የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ምሳሌውን አንብቦ ወደየትኛው ቃል እንደሚመራው ያያል።

መብቶችን ስትለማመዱ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ክፍፍሉን ሠርቶላችኋል። በምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 14 እስከ 28 ያሉት በሰብአዊ መብቶች፣ ከ29 እስከ 44 ያሉት በዴሞክራሲያዊ መብቶች ሥር ተመድበዋል። የዴሞክራሲያዊ መብት ምሳሌ ተጠይቃችሁ "በሕይወት የመኖር መብት" ከጻፋችሁ የተሳሳተ ክፍል ውስጥ ገብታችኋል፤ በአንቀጽ 38 ያለው የመምረጥ መብት ግን በቦታው ነው። እዚህም ብትሆኑ ድርጊት ጨምሩ፤ "18 ዓመት የሞላት ወጣት የመራጭነት ካርድ ወስዳ በምርጫው ቀን ድምፅ ሰጠች" የሚለው "የመምረጥ መብት" ብቻ ከሚለው ይሻላል።

የማብቂያው ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀርና መልሱ ገና ባዶ ከሆነ ደግሞ ከምሳሌው ጀምሩ እንጂ ትርጉሙን አስውባለሁ ብላችሁ አትቁሙ። አድራጊውንና ድርጊቱን በአንድ መስመር ጻፉ፤ ከበላዩ ባዶ መስመር ትታችሁ ከሆነ ትርጉሙን በወገኑና በአንድ መለያ ቃል እዚያ አስገቡት። ማያያዣውን ተዉት፤ በባለ 2 ማርክ ጥያቄ ላይ ያለ እሱም ሙሉ ማርክ ሊገኝ ይችላል።